አንድ ማውስ፣ ሁለት ሥራ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ ማውስ ነው። ቀን ቀን የፎቶ ኤዲቲንግ እሠራለሁ፣ ማታ ካውንተር ስትራይክ እጫወታለሁ፣ ሁለቱንም በአንድ ማውስ። «ለሥራ ቀስ ያለ፣ ለጌም ፈጣን ላድርገው ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ማውሱን ሁልጊዜ 800 ዲፒአይ ላይ ነው የምተወው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

800 ዲፒአይ ማለት ማውሱ አንድ ኢንች ሲሄድ 800 ጊዜ ይቆጥራል ማለት ነው። ዊንዶውስ በራሱ ካልጨመረበትና ካልቀነሰበት፣ ቀስቱ 800 ፒክስል ይሄዳል። ስፋቱ 1920 ፒክስል የሆነ ስክሪን በስድስት ሴንቲሜትር ገደማ ይሻገራል። አሁን ፎቶ ላይ የሰውን ፀጉር ከኋላው ካለው ምስል ስትለዩ አስቡት። እጃችሁ ግማሽ ሚሊሜትር ብትንቀጠቀጥ ቀስቱ 16 ፒክስል ያህል ይዘላል። በ3200 ዲፒአይ ቢሆን ከ60 ፒክስል በላይ ነበር የሚዘለው።

16ም ለፀጉር ብዙ ነው። ግን ዲፒአዩን መቀነስ አያስፈልግም፤ ፎቶውን 400 ፐርሰንት ዙም አድርጉት። ያኔ በስክሪኑ ላይ 16 ፒክስል የነበረው በፎቶው ላይ 4 ብቻ ይሆናል። ቀስቱ ሜኑ ላይ ሲሄድ ፍጥነቱ እንደነበረ ነው፣ ፎቶው ላይ ግን አራት እጥፍ የረጋ እጅ አገኛችሁ። ለኔ የጥራት ሥራ ሴንሲቲቪቲ ማለት ዙም ነው።

በዚህ ላይ የሚያበላሽባችሁ ዊንዶውስ ውስጥ Enhance pointer precision የሚለው ምልክት ነው። ሲበራ፣ እጃችሁ ያው ርቀት ቢሄድም እንደ ፍጥነቱ ቀስቱ ራቅ ወይም ቀረብ ብሎ ይቆማል። ምልክቱ በርቶ እንደሆነ ለማወቅ ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አራት ሴንቲሜትር የተራራቁ ሁለት መስመሮች ለጥፉ። ቀስቱን በስተግራ ያለ አይከን ላይ አድርጉና ማውሱን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በፍጥነት ውሰዱት፣ ከዚያ በጣም በዝግታ መልሱት። ቀስቱ አይከኑ ጋ ካልተመለሰና ወደ ቀኝ ከቀረ በርቷል፤ አጥፉት። የፍጥነት ማስተካከያውንም መሃል ላይ ተዉት፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ቁጥሩ 10 ነው። ከዚያ ከፍ ካደረጋችሁት ዊንዶውስ አንዷን ቆጠራ ያባዛታል፣ ቀስቱም ልትቆሙባቸው የምትፈልጓቸውን አንዳንድ ፒክስሎች ይዘላል። ቀስቱ ከዘገየባችሁ ይልቅ ዲፒአዩን ጨምሩ።

ወደ ጌሙ እንምጣ። ካውንተር ስትራይክ 2 ማውሱን በቀጥታ ስለሚያነብ የዊንዶውስ ፍጥነት አይነካውም። ጌሙ ውስጥ ሴንሲቲቪቲው 1 ሲሆን አንዷ ቆጠራ ዕይታውን 0.022 ዲግሪ ታዞራለች። ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው፤ ለ0.022 ሲካፈል 16,364 ቆጠራ፣ ለ800 ሲካፈል ደግሞ 20 ኢንች ተኩል፣ ማለትም 52 ሴንቲሜትር ገደማ። ሴንሲቲቪቲ 2 ብታደርጉት 26 ይሆናል። ማስታወስ ያለባችሁ ይህን ሴንቲሜትር ነው፤ ክንዳችሁ የሚለምደው እሱን ነውና። ታዋቂ የካውንተር ስትራይክ ተጫዋቾች ብዙዎቹ 400 ወይም 800 ዲፒአይ ይዘው ዝግ ባለ ሴንሲቲቪቲ የሚጫወቱትም ለዚህ ነው። ጭንቅላት ላይ ለማነጣጠር እነሱም የረጋ እጅ ይፈልጋሉ። ቫሎራንት ለአንድ ቆጠራ 0.07 ዲግሪ ስለሚያዞር፣ ያንኑ ርቀት ለማግኘት የካውንተር ስትራይኩን ቁጥር ለ3.18 አካፍሉት።

52 ሴንቲሜትር ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ኪቦርዱ አጠገብ ያላችሁ ባዶ ቦታ ጠባብ ከሆነ 1.5 ሞክሩ፤ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ስትተኩሱ ማነጣጠሪያው ሁልጊዜ ጠላትን አልፎ የሚሄድ ከሆነ ሴንሲቲቪቲውን ትንሽ ቀንሱ፤ ሁልጊዜ ሳይደርስ የሚቀር ከሆነ ትንሽ ጨምሩ። አንዴ አልፎ አንዴ ካጠረ ግን ቁጥሩን አትንኩ፤ እጃችሁ ገና አልለመደም።

ፖሊንግ ሬት ደግሞ ከርቀት ጋር አይገናኝም። ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ ሪፖርት እንደሚልክ ነው። 125 ኸርዝ በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ 1000 ኸርዝ በየ1 ሚሊሰከንዱ ነው። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ ስለዚህ ለፎቶ ሥራ 125ም ይበቃል። 144 ኸርዝ ስክሪን ላይ ግን አንድ ምስል ወደ 7 ሚሊሰከንድ ነው። በ125 አንዳንዱ ምስል አዲስ እንቅስቃሴ ሳይደርሰው ስለሚያልፍ ዕይታው ይቆራረጣል። በ1000 ይህ ይጠፋል። 8000 የሚሉት የሚቆጥበው ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው፣ ፕሮሰሰሩን ግን ያደክማል። ቆማችሁ ስታዩ ጌሙ ደህና ሆኖ ማውሱን በኃይል ስታዞሩ ብቻ ኤፍፒኤሱ ከወደቀ፣ ወደ 1000 መልሱትና ያንኑ ቦታ ላይ ደግማችሁ አዙሩ። ካልወደቀ ችግሩ እሱ ነበር ማለት ነው።