ሁለት «ስለ» በአንድ ዓረፍተ ነገር

[ምስል፦ ከዚራ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት። ጠረጴዛ ላይ አንድ ገጽ ወረቀትና እርሳስ።]

ከድሬዳዋ ነው የማናግራችሁ፤ ከዚራ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ ተከትዬ ለዚህ ቪዲዮ ያዘጋጀሁት ነው። ላንብበው፦

«የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ስለደረሰና ነጋዴም ማጓጓዣ ወደሚረክስበት ስለሚሄድ፣ የአካባቢው ንግድ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ዞረ።»

እርሳስ አንሱ። መጀመሪያ አቋሙን ፈልጉ፤ ጸሐፊው እንድንቀበልለት የሚፈልገውን ማለቴ ነው። አማርኛ ማሰሪያ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አቋሙም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። «ንግዱ ወደ ድሬዳዋ ዞረ።» አስምሩበት።

[ምስል፦ እርሳሱ ሁለቱን «ስለ» ያከብባል።]

የሚያምታታው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሁለት «ስለ» አለ። መልካቸው አንድ ስለሆነ ብዙ አንባቢ ሁለቱንም «ምክንያት» ብሎ ያልፋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማነበው። አሁን ግን እያንዳንዱን «የት ሄጄ ላይህ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

የባቡሩን መድረስ ሰነድ ገልጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። ይህ ማስረጃ ነው። «ነጋዴ ወደሚረክስበት ይሄዳል» የሚለውን ግን የትም ሄዳችሁ አታዩትም። ጸሐፊው አስቦ ያመጣው፣ ባቡሩን ከንግዱ ጋር የሚያያይዝበት ሐሳብ ነው። ይህ ምክንያት ነው።

ለይተን አልጨረስንም። ማስረጃው የቱን ያህል ይሸከማል? 1895 የባቡሩን መምጣት ያሳያል እንጂ የንግዱን መዞር አያሳይም። «ዞረ» ደግሞ ከባድ ቃል ነው። አንዱ ጋ ጨመረ፣ ሌላው ጋ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ከተሞች የቀረጥ መዝገብ፣ ከባቡሩ በፊትና በኋላ፣ ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የድሬዳዋው ጨምሮ የሐረሩ ካልቀነሰ፣ ትክክለኛው ቃል «ዞረ» ሳይሆን «ድሬዳዋ ላይም አደገ» ነው።

ምክንያቱ ራሱም ማስረጃ ይፈልጋል። በእርግጥ ረክሷል ወይ? የሐረር ቡና ባቡሩ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ በጋማ ከብትና በግመል ተራራውን መውረድ ነበረበት። የዚያ ኪራይ ካልተደመረ የባቡሩ ዋጋ ብቻውን አይበቃም።

[ምስል፦ ዓረፍተ ነገሩ ተለውጦ ይታያል፦ «እንደሚታወቀው ንግዱ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ዞረ።»]

አሁን ይህን እዩት። ማስረጃውም ምክንያቱም ጠፍተው «እንደሚታወቀው» ቦታቸውን ይዟል። ሲነበብ ግን ከመጀመሪያው የበለጠ እርግጠኛ ይመስላል። «ግልጽ ነው»ም «አያጠራጥርም»ም እንደዚሁ ናቸው። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፉ፦ «ማን ያውቃል? ከየት?»