ቲኤስኤች ከፍ ሲል ታይሮይዱ ደክሟል

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ታካሚዎች የደም ምርመራ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡና «ዶክተር፣ ቲኤስኤች ከፍ ብሏል ይላል፤ ታይሮይዴ ከልክ በላይ እየሠራ ነው ማለት ነው?» ይሉኛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቲኤስኤችን የሚያመነጨው አንገታችን ላይ ያለው ታይሮይድ አይደለም፤ ከአንጎል ሥር ያለችው፣ የአተር ፍሬ የምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ ናት። ታይሮይድ ሲሰንፍ ፒቱታሪ «ሥራ!» እያለች ትወተውታለች፣ ቲኤስኤችም ያሻቅባል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ደግሞ ዝም ትላለች፣ ቁጥሩም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሆርሞኑ ራሱ ስንት እንደሆነ የሚነግረን ፍሪ ቲ4 የሚባለው ምርመራ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል።

ይህን በደንብ ያስተማረችኝ አንዲት ታካሚ ናት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው የመጣችው፤ ክብደቷ 62 ኪሎ። ሰው ሁሉ ሲሞቀው እሷን ይበርዳታል፣ ሆዷ ይደርቃል፣ የወር አበባዋ በዝቷል፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ተራራ ሆኖባታል። የልብ ምቷ በደቂቃ 54 ነበር። እኔ ከክብደት ይልቅ የልብ ምትን አምናለሁ። ሰው የሚወፍርበትም የሚከሳበትም ምክንያት ብዙ ነው፤ ድካም ደግሞ ታይሮይድ ሲያንስም ሲበዛም ይመጣል።

ቲኤስኤቿ 18 ሆኖ መጣ። በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ጤናማው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። ፍሪ ቲ4ዋ 0.6 ነበር፣ የዚያ ላቦራቶሪ ዝቅተኛው ልክ ደግሞ 0.8። ቲኤስኤች ከፍ፣ ቲ4 ዝቅ፦ ታይሮይዱ ራሱ ደክሟል ማለት ነው። (ሁለቱም አብረው ዝቅ ካሉ ግን ጥርጣሬው ወደ ፒቱታሪዋ ይዞራል። ቲኤስኤችን ብቻ የሚያይ ሰው ይህ ያመልጠዋል።)

ሊቮታይሮክሲን የሚባለውን፣ የጎደለውን ቲ4 የሚተካ እንክብል በቀን 50 ማይክሮግራም ጀመርኩላት። ስህተቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሁለት ሳምንቷ «ምንም አልተሻለኝም» ብላ ስትመለስ ደም አስመረመርኳት፤ ቲኤስኤች 11። መድኃኒቱ ያነሳት መሰለኝና 100 አደረግሁት። ከሌላ ሁለት ሳምንት በኋላ 7 ሆነ፤ አሁንም ቸኩዬ ወደ 150 አሳደግሁት።

ሁለት ወር ቆይታ ስትመጣ ሌላ ሰው ሆናለች። እጇን ዘርጊ ብያት ወረቀት ጣቶቿ ላይ ባስቀምጥ ወረቀቱ ይርገበገባል። ልቧ በደቂቃ 112 ይመታል፣ እንቅልፍ የለም፣ ላቧ ያጠምቃታል፣ የምትበላው ሳይቀንስ አራት ኪሎ ከስታለች። ቲኤስኤች 0.03፣ ፍሪ ቲ4 2.4። ታይሮይዷ አልፈጠነም፤ የፈጠንኩት እኔ ነበርኩ።

ምን ነበር የሳትኩት? የዋጥነው ቲ4 ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ሰባት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ደም ውስጥ ተጠራቅሞ እስኪረጋ አምስት ስድስት ሳምንት ይሄዳል። ፒቱታሪም የለመደችውን ቶሎ አትተውም። በሁለተኛው ሳምንት ያየሁት 11 ገና በመውረድ ላይ የነበረ ቁጥር ነው፤ እኔ ግን እንደ መጨረሻ ውጤት አነበብኩት።

ታይሮይዱ ሥራ ላቆመ አዋቂ ሙሉ መጠኑ በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ስለሆነ፣ ለእሷ 62 በ1.6 ሲባዛ 100 አካባቢ ይመጣል። ወደ 100 መለስኳት። በስድስተኛው ሳምንት ቲ4ዋ 1.4 ሆኖ ተስተካከለ፤ ቲኤስኤቿ ግን ገና 0.2 ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ያለች ፒቱታሪ ለመንቃት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስድባታል። እጄ እየበላኝም ቢሆን መጠኑን አልነካሁም። ከሁለት ወር በኋላ 1.9 ሆኖ መጣ።

በቅርቡ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ የዋሸበት አጋጥሞኛል። ቲኤስኤች ወደ ዜሮ ወርዷል፣ ቲ4 ተሰቅሏል፤ ሰውዬው ግን እጁ አይንቀጠቀጥ፣ ልቡ 68 ላይ ረግቶ ይመታል። ምን እንደሚወስድ ስጠይቀው ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጥ ባዮቲን ነው። በብዛት ሲወሰድ ባዮቲን የአንዳንድ ምርመራ ዘዴዎችን ኬሚካል ያደናግራል፦ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ4ን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ለጥቂት ቀን አቁሞ ሲደገም ሁለቱም ቁጥሮች ጤናማ ሆኑ።

አሁን እዚህ የምርመራ ወረቀቱን የያዘ ካለ ወደፊት ይቅረብ፤ አብረን እናንብበው።