በሁለት ፔሬድ መካከል በአንድ ጎን የሚመጣ ሕመም፦ እንቁላል ሲለቀቅ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

[ምስል፦ የታችኛው ሆድ ሥዕል። በግራ በኩል ከብሽሽት ከፍ ብሎ አንድ ነጥብ ቀይ ይሆናል።]

ፔሬድሽ ከሄደ ሰንብቷል፤ የሚቀጥለውም ገና ነው። ድንገት እዚህ ጋ፣ በአንድ ጎን ብቻ ውግት ያደርግሻል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እንቁላል መለቀቁ ነው። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ ልዩነቱን እንይ።

[ምስል፦ ኦቫሪ በቅርበት። ከረጢቷ ታድጋለች፣ ትፈነዳለች።]

እንቁላሏ የምታድገው ኦቫሪ ውስጥ፣ ፈሳሽ በሞላበት ትንሽ ከረጢት ነው። ከረጢቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትደርስ የኦቫሪውን ሽፋን ትወጥረዋለች። ከዚያ ትፈነዳለች። እንቁላሏ ስትወጣ ፈሳሹና ጥቂት ደም አብረው ይፈስሱና የሆድ ዕቃን የውስጥ ሽፋን ይቆጠቁጡታል። የሚያምሽ ውጥረቱም ቁጥቆጣውም ነው። በየወሩ የሚለቅቀው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ኦቫሪ ብቻ ስለሆነ ሕመሙ በአንድ ጎን ይሆናል። ግራና ቀኙ የግድ ተራ አይጠብቁም፤ ሁለት ወር በተከታታይ በአንድ በኩል ቢያምሽ አይግረምሽ።

አሁን ወደ ቆጠራው እንሂድ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። እንቁላል የሚለቀቀው የሚቀጥለው ፔሬድ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ወደ ኋላ ነው። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ 14ኛው ቀን አካባቢ ይሆናል። 35 ቀን ከሆነ ግን 21ኛው ቀን አካባቢ ነው።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ። 1ኛውና 16ኛው ቀን ይከበባሉ።]

ዑደቷ 30 ቀን የሆነ አንዲት ሴት እናስብ። 16ኛው ቀን ማታ በግራ ጎኗ ይወጋት ጀመር። ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ ወደ ደብዘዝ ያለ ሕመም ተለወጠ፤ በማግስቱ ለቀቃት። በዚያው ሰሞን ፈሳሿ እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል ጥርት ያለና የሚለጠጥ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፔሬዷ እንደ ወትሮው መጣ። ይሄ ሁሉ ሲገጥም ሕመሙ የእንቁላል መለቀቅ ነው ብንል ያስኬዳል። ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ጥቂት የደም ጠብታም ሊታይ ይችላል። ሞቅ ያለ ውኃ የያዘ ላስቲክ ሆድ ላይ ማድረግና ፓራሲታሞል ይበቃል። ለማርገዝ እየሞከርሽ ከሆነ ግን አይቡፕሮፌንን በእነዚህ ቀናት ብትተዪው ይሻላል፤ ከረጢቷ እንዳትፈነዳ ሊያደርግ ይችላል።

ከጥቂት ወራት በኋላም እዚያው 16ኛው ቀን ላይ አመማት እንበል። ቀኑ ገጥሟል። ግን ያለፈውን ፔሬዷን እንጠይቃት፤ ሁለት ቀን ብቻ፣ ትንሽና ቡናማ ነበር። ያ ደም ፔሬድ ላይሆን ይችላል። ካልሆነ ትክክለኛው ፔሬዷ ከጀመረ 30 ሲደመር 16፣ 46 ቀን ሞልቶታል። ስድስት ሳምንት ተኩል ማለት ነው፤ ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝና ሕመም የሚጀምርበት ጊዜ ደግሞ ይሄው ነው። እባክሽ ያለፈው ፔሬድሽ ከወትሮው ካነሰ ወይም ከቀረ፣ በአንድ ጎን ሲያምሽ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ውጤቱ እርግዝና ካሳየ ሕመሙ ቀላል ቢሆንም በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ፅንሱ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ይታያል። ራስሽን ካዞረሽ፣ ልትወድቂ ከደረስሽ ወይም ትከሻሽ ጫፍ ላይ ካመመሽ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ያኔ ምርመራ እንኳ ሳትጠብቂ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

[ምስል፦ ኦቫሪው በራሱ ዙሪያ ይጠመዘዛል።]

ሌላው የማይጠብቅ ነገር የኦቫሪ መጠምዘዝ ነው። ብዙ ጊዜ ኦቫሪ ላይ እጢ ወይም ትልቅ የውኃ ከረጢት ሲኖር ይከሰታል። ኦቫሪው ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ ይታፈናል። ሕመሙ በድንገት ይመጣል፣ አያስቀምጥም፣ ያስመልሳል። መለስ ብሎ እንደገና ሊነሳም ይችላል፤ ተሻለኝ ብለሽ አትቅሪ። ኦቫሪውን ለማትረፍ ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው።

ሕመሙ በቀኝ ከሆነ ትርፍ አንጀትንም አስቢ። እሱ ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ወደ ቀኝ ይወርዳል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ እየዋለ ሲያድር ይብሳል እንጂ አይቀልም። ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ደግሞ የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታከም አለበት።

በየወሩ እየተመላለሰ ከሁለት ቀን በላይ የሚቆይ፣ እየከፋ የሚሄድ ወይም በግንኙነት ጊዜም የሚያም ከሆነ ቀጠሮ ያዢ። ስትሄጂ የሦስት ወር ማስታወሻ ይኑርሽ፦ ፔሬድሽ የጀመረበት ቀን፣ መጠኑ፣ ያመመሽ ቀንና ጎን፣ ሕመሙ ስንት ሰዓት እንደቆየ። ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቅሽ እነዚህን ነው።