ማንጠልጠያው ሲነሳ ቀለሙ እንዳይከተለው

ጤና ይስጥልኝ። ድምፄ ዛሬ ትንሽ ካስተጋባባችሁ ቤቱ ባዶ ስለሆነ ነው። ዕቃው ሁሉ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ነገ ጠዋት አይሱዙው ይመጣል፣ እኔም አራት ኪሎ ጀርባ አራት ዓመት የኖርኩባትን ክፍል እለቃለሁ።

ማውራት የፈለግኩት ስለ ግድግዳዋ ነው። አከራዬ ሚስማር እንዳልመታ ገና ስገባ ነግረውኝ ነበር። እኔም ቃሌን ጠብቄ ባለሙጫ ማንጠልጠያ ብቻ ነው የተጠቀምኩት። ስድስት ነበሩ። አንዱ የእናቴን ፎቶ ይዞ አራት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ያነሳሁት እሱን ነው። ፎቶውን አወረድኩ፣ ማንጠልጠያውን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ራሴ ሳብኩት። ቀጭን የመቀደድ ድምፅ ሰማሁ። የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ቀለም ከሙጫው ጋር ተገሽልጣ እጄ ላይ ቀረች። በጣም ነው ያዘንኩት። አከራዬ እማማ ቤታቸውን አምነው የሰጡኝ ሰው ናቸው።

ግቢያችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በቀለም ቅብ ሥራ ያሳለፉ ጋሼ አሉ። ጠራኋቸው። የገረመኝ፣ መጀመሪያ ያዩት ግድግዳውን አይደለም። የተነሳችውን ቀለም ገልብጠው ጀርባዋን በአውራ ጣታቸው አሹት። ጣታቸው ዱቄት የነካው መሰለ። «አየህ፣ ሙጫውም ቀለሙም ጥፋት የለባቸውም። የለቀቀው ስቱኮው ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎኬቱ ላይ የሲሚንቶ ልስን አለ። ልስኑ ላይ ስቱኮ ይቀባል፣ ስቱኮው ላይ ደግሞ ቀለም። ማንጠልጠያው የያዘው ቀለሙን ብቻ ነው። ቀለሙ ስቱኮውን ይዟል፣ ስቱኮው ልስኑን። ወደ ራሳችሁ ስትጎትቱ ኃይሉ ሁሉንም እኩል ይስባል፣ ከመሃላቸው ደካማው ይለቃል። ብዙ ቤት ደካማው ስቱኮው ነው፣ በተለይ አቧራው በደንብ ሳይጠረግ ቀለም ከተቀባበት። ስለዚህ ሙጫውን ከግድግዳው ማላቀቅ ያለብን በግድግዳው አቅጣጫ ነው እንጂ ወደ እኛ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የሚያርፈው እዚህች ላይ ነው።

ቀሪዎቹን አምስቱን ጋሼ ለያዩልኝ። ሁለቱ ከሥራቸው ትንሽ ጅራት የሚያወጡ ናቸው። ይሄኛው ሙጫ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ እየቀጠነ ከጠርዙ ጀምሮ ራሱ ይለቃል። ጅራቱን ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች፣ ግድግዳውን ታክካችሁ ትስባላችሁ። ጋሼ «ጣትህ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይውረድ» ነው ያሉኝ። በዝግታ። በሌላው እጅ ማንጠልጠያውን እንዳይወድቅ ያህል ብቻ መደገፍ፣ መጫን የለም። ከተጫነ ሙጫው ይያዝና ይበጠሳል። የኔ ከአንድ ስንዝር በላይ ተለጥጦ፣ መጨረሻ ላይ ምንም ምልክት ሳይተው ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚሁ።

ሌሎቹ ሦስቱ ጅራት የላቸውም። ጀርባቸው ላይ ስፖንጅ የመሰለ ወፍራም ሙጫ ያለባቸው፣ ብዙ ሱቅ የሚሸጡት ዓይነት ናቸው። እነዚህ ሲስቧቸው አይለጠጡም። ለእነሱ ሙቀትና ክር ያስፈልጋል።

ሙቀቱ ለምን? ሙጫ ሲቀዘቅዝ ይደነድናል። የአዲስ አበባን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እኔም የመጀመሪያውን የሳብኩት በዚያ ሰዓት ነው። ሲሞቅ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ለማላቀቅም ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ከጎረቤት የፀጉር ማድረቂያ ፎን ተዋስኩ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቄ፣ ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀስኩ አንድ ደቂቃ ያህል አሞቅኩት። ልኩ በእጅ ነው የሚታወቀው፣ ማንጠልጠያውን ስትነኩት ሞቅ ብሎ ግን የማያቃጥል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ካቆያችሁት ቀለሙ ራሱ ይለሰልስና ያብጣል። መብራት ከሌለ ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ማስደገፍ ይቻላል፣ ውኃው ግን ግድግዳውን እንዳያርሰው። እርጥበት ስቱኮን ያላላዋል።

ከዚያ ክሩ። የጥርስ ማጽጃ ክር ጥሩ ነው፣ ጠንካራ የናይለን ክርም ይሆናል። ክንድ የሚያህል ቆርጣችሁ ሁለቱን ጫፍ ጣታችሁ ላይ ትጠመጥማላችሁ። ከማንጠልጠያው ጀርባ ከላይ አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያደረጋችሁ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። እኔ ክሩን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ ነበር። ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ስፖንጁን ቁረጥ እንጂ ቀለሙን አትፋቅ። ክሩ ወደ ማንጠልጠያው ይጠጋ» አሉ። ልክ ነበሩ። ማንጠልጠያው ሲወድቅ ግማሹ ስፖንጅ ግድግዳው ላይ ቀረ፣ ቀለሙ ግን አልተነካም።

የቀረውን ስፖንጅ እንደገና ትንሽ አሞቅኩት። ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ በአውራ ጣቴ እየገፋሁ አንከባለልኩት። ሙጫው እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ይሰበሰባል። አንዷን ለማስለቀቅ ሩብ ሰዓት ወሰደብኝ። ቢላዋ አይነካም። ቤንዚንና አሴቶንም አይሆኑም፣ ፕላስቲክ ቀለምን ያበላሹታል። ዘይት ሙጫን ያላላል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ብርጭቆ ላይ ከሆነ። የማያብረቀርቅ የግድግዳ ቀለም ግን ዘይቱን ይመጠውና ጥቁር ጥላ ይቀራል፣ ከላይ ቢቀባም ያ ጥላ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ሁለቱ እንዲህ ወጡ። የመጨረሻዋ መስኮቱ ሥር ናት። እዚያ ክረምት ላይ ውኃ ይገባል። ጋሼ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ ድምፁ ባዶ ነው። መዳፋቸውን ሲያሹበት ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ። ማንጠልጠያዋ ከሌለችበት ጥግ ላይ ቁራጭ ማስኪንግ ቴፕ ለጥፈው በቀስታ አነሱት፣ ቀለሙ ተከትሎ መጣ። ቀላል ወረቀት ቴፕ ያነሳውን ቀለም ወፍራም ሙጫ ይምረዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። እንደዚህ ያለ ግድግዳ ላይ ክርም ፎንም አያድንም። የግድ መነሳት ካለባት ዙሪያዋን በከተር እስከ ስቱኮው ድረስ መቁረጥ ነው ያለው። ያኔ ቀለሙ ቢነሳም ከመስመሩ አያልፍም፣ የሚጠገነው የማንጠልጠያዋን ስፋት ያህል ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያዋን ቁስል ጋሼና እኔ አብረን ጠገንናት። የላላውን ጠርዝ ቆረጥን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን፣ ስቱኮ በስሱ ሞላን። ሲደርቅ እንደገና ፈግፍገን፣ መጀመሪያ በውኃ የቀጠነ ቀለም፣ ቀጥሎ ደህናውን። ቦታዋን ብቻ ብንቀባት ከደበዘዘው ቀለም ተለይታ ስለምትታይ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀባነው።

ማታ ለአከራዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የቀደድኳትንም። ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። «እማማ፣ የመስኮቷን ቆርጬ ላንሳት ወይስ ልተዋት?» አልኳቸው።

«ተዋት ልጄ» አሉ። «መጋረጃዬን ሰብስቤ አስርባታለሁ።»