ቁጥራችሁን በአማርኛ አንብቡት
(በዋሽንግተን አካባቢ ለሚነግዱ ኢትዮጵያውያን በዓመታዊ ስብሰባቸው ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ።

ሰብሳቢያችን የሰጡኝ ርዕስ «ማስታወቂያና ደንበኛ» የሚል ነው። እኔ አታሚ ነኝ። የአብዛኞቻችሁን ካርድ፣ የመኪናችሁን ጽሑፍና የሱቃችሁን ታፔላ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለ ቀለምና ስለ ፎቶ ስንጨቃጨቅ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ስለ ስልክ ቁጥሩ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ዛሬ የማወራው ስለሱ ነው።

አንዲት ምግብ የምታዘጋጅ እህታችን አለች፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር። ቁጥሯን ለጨዋነት ቀይሬ ልንገራችሁ፤ 240-555-0100 ነው እንበል። ስታዩት የሚያምር ቁጥር ነው። በአማርኛ ሬዲዮ አስነገረች። አንባቢው በዚያ ጥሩ ድምፁ «ሁለት አርባ፣ ሦስት አምስት፣ ዜሮ አንድ፣ ሁለት ዜሮ» አለ። እስቲ እናንተ ጻፉት። «ሁለት ዜሮ» ያለው ዜሮ ዜሮ ለማለት ነበር። የሰማው ሰው የጻፈው ግን ሁለትና ዜሮ ነው፤ 0120። ስልኩ የሚጮኸው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ቤት ሆነ። ፋሲካ ሲደርስ ሴትዮዋ ዕረፍት አጡ። መጀመሪያ ይዘጉ ነበር፤ በኋላ ግን ደዋዮቹን ማንን እንደሚፈልጉ እየጠየቁ የእህታችንን ስም አወቁ፣ ፈልገውም ደወሉላት። አልተቆጡም። «ይሄ ሁሉ ሰው የሚጠይቀኝ ዶሮ ወጥ ምንድን ነው?» ነው ያሉት። ተልኮላቸው በልተዋል፤ አሁን ደንበኛ ናቸው። ሳቁ፣ ያስቃል! ግን በዚያ ፋሲካ ስንት ሰው «ተሳስተሃል» ተብሎ ሌላ አዘጋጅ ጋ ሄደ? እሱን ማንም አይቆጥረውም። መፍትሔው ሳንቲም አላስወጣም፤ አሁን አንባቢው «ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ዜሮ» ይላል። «ሦስት አምስት» ማለትም ቀርቷል፤ 555 ይሁን 35 ማን ያውቃል?

የኛ ሰው ቁጥር የሚይዘው ሁለት ሁለቱን እያጣመረ ነው። አገር ቤት የሞባይል ቁጥር የምንናገረው እንደዚያ ነው፤ «ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ» ብለን የቀረውን በጥንድ እንከፍለዋለን። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ስትመርጡ ሁለት ጥንድ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሯቸው። በ36 የሚያልቅ ቁጥር «ሠላሳ ስድስት» ነው። ሀይዌይ ላይ መስኮት ከፍቶ ሬዲዮ ለሚሰማ ሰው ግን «ስልሳ ስድስት» ይሆንበታል። ሠላሳና ስልሳ በአማርኛ ትልቁ ወጥመድ ናቸው። ሁለተኛው ወጥመድ «ሃያ ሦስት» ነው፤ 23 ነው ወይስ 20 ካለ በኋላ 3? አንባቢው በተሳሳተ ቦታ ትንፋሽ ከወሰደ አለቀ። አርባ፣ ሃምሳ፣ ዘጠና ግን ጥርት ብለው ይሰማሉ።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ወደ ሰባት ነገር ነው ብሎ ነበር፤ ከሱ በኋላ የመጡት ወደ አራት አውርደውታል። የአሜሪካ ቁጥር ደግሞ አሥር ነው። የሚያድነን ማጣመር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው 240 ሦስት ቁጥር አይደለም፤ እንደ ሰፈር ስም አንድ ነገር ነው። ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ነው፤ ጎረቤታሞቹን ያቀያይራል፣ 47 የነበረው 74 ይሆናል። እንደ 44 ያለ ድርብ ከሆነ የሚቀያየር ነገር የለም። ቁጥር ከመግዛታችሁ በፊት ለአክስታችሁ አንዴ ብቻ ንገሯት፣ ቡና አፍሉ፣ ስለ ልጆቿ አውሩ፣ ከዚያ «ደውይልኝ» በሏት። የት ላይ እንደምትሳሳት ታያላችሁ።

አሁን ወደ ፊደሉ ቁጥር ልምጣ። አሜሪካኖች በስልኩ ቁልፎች ላይ ባሉት የላቲን ፊደላት ቁጥሩን እንደ ቃል ይጽፉታል፤ ለነሱ ይሠራል፣ ቃሉ አንድ አጻጻፍ ብቻ አለውና። እኛ እንጀራን እንዴት ነው በላቲን የምንጽፈው? INJERA ካላችሁ 465372 ነው። ENJERA ብሎ የሚጽፈው ደንበኛችሁ 365372 ይደውላል። ቡናም እንደዚያው ነው፤ BUNA 2862፣ BUNNA 28662። ሐበሻን ደግሞ በH የሚጀምርም በA የሚጀምርም አለ። እናንተ የከፈላችሁበት ቁጥር ግን አንድ ነው!

ይሄ በትልልቆቹም ደርሷል። ሆሊደይ ኢን ሆቴል 1-800-HOLIDAY ነበረው፤ በቁጥር 1-800-465-4329። ብዙ ሰው ግን ለO ፊደል 6ን በመንካት ፈንታ ዜሮን ይነካል። አንድ ሌላ ድርጅት ዜሮ ያለበትን 1-800-405-4329ን ያዘና የሚሳሳቱትን እየተቀበለ ሆቴል ያስይዝ ጀመር። ሆቴሉ ከሰሰ፤ የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ለተከሳሹ ፈረደ። ግራ መጋባቱን አልፈጠረውም፣ የነበረውን ነው የተጠቀመበት አለ። ሆሊደይ ኢን ያንን ቁጥር አስቀድሞ ቢይዝ ኖሮ ክርክር ባልነበረ። በፊደል መሄድ ካለባችሁ የሚሳሳቱበትንም ቁጥር አብራችሁ ያዙ፤ ካርዱ ላይም ከፊደሉ ሥር ቁጥሩን አሳትሙ። «ቦታ ይፈጃል» የምትሉኝን አልሰማም!

ደዋዩ የማይከፍልበት፣ ነፃ መስመር የምትሉትስ? 800 ከ1967 ጀምሮ ስላለ በሰው ጆሮ ነፃ ማለት 800 ነው። 888 በ1996፣ 877 በ1998፣ 866 በ2000 መጡ፤ በኋላም 855፣ 844ና 833። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ነው። 888 ገዝታችሁ ስታስነግሩ፣ አንዳንዱ ሰሚ በ800 ይደውላል፤ በገዛ ገንዘባችሁ የሌላ ሰው ማስታወቂያ ሠራችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዛሬ በሞባይል አገር ውስጥ መደወል ለደንበኛው ያው ነው፤ በደቂቃ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ሁሉም ደንበኛው ሜሪላንድና ቨርጂንያ ያለ ፀጉር ቤት 888 ምን ይሠራለታል? እንዲያውም 301 ወይም 703 ሲያይ «የሰፈሬ ሰው ነው» ብሎ ያነሳል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው። ከመካከላችን አንዱ ቀላል ቁጥር በወር ኪራይ ወሰደ። ስሙን የማልጠራው ድርጅት አከራየው። መኪናውን፣ ታፔላውን፣ የቤተ ክርስቲያን ካላንደሩን ሁሉ እኔ አተምኩለት። ሥራው ሲደራ ኪራዩን ጨመሩበት። አልከፍልም ሲል ቁጥሩን ነጥቀው እዚያው ከተማ ላለ ተፎካካሪው ሰጡት። ዓመታት ያስተዋወቀው ለሌላ ሰው ሆነ! ውሉ ላይ የቁጥሩ ባለቤት ድርጅቱ እንደሆነ ተጽፎ ነበር፤ አላነበበውም። ነፃ መስመሩ በስማችሁ ከሆነ ሕጉ ወደ ሌላ ኩባንያ ይዛችሁት እንድትሄዱ ይፈቅድላችኋል፤ ተከራይ ከሆናችሁ ግን ምንም የላችሁም። ደግሞ የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ደንብ ነፃ መስመር ለመሸጥ ብሎ ማከማቸትን በአብዛኛው ይከለክላል። «ይህን ቁጥር በአሥር ሺህ ዶላር እሸጥልሃለሁ» ብሎ የሚመጣባችሁን ሰው ደንቡን አሳዩት። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ስወጣ ቁጥሩን ይዤ እወጣለሁ?»

አንድ ነገር ለትኬት ቢሮዎችና ለሐዋላ ላኪዎች ልጨምር። የአሜሪካ ነፃ መስመር ከአዲስ አበባም ሆነ ከሪያድ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ከገባም ለደዋዩ ነፃ አይደለም። ካርዱ ላይ ተራውን ቁጥር በ+1 ጀምራችሁ ማሳተም አትርሱ።

እራት እየቀዘቀዘ ስለሆነ ልውረድ። ጥያቄ ያለው በሩ አጠገብ ያገኘኛል፤ የኪራይ ውል ያለው ደግሞ ውሉን ይዞልኝ ይምጣ። አመሰግናለሁ።