ኮሚሽኑን ከሽያጩ ላይ አትቀንሱት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ገንዘብ ያዦች፣ መዝገባችሁን በራሳችሁ እጅ የምትይዙ ነጋዴዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የሞባይል ገንዘብ ሒሳብን ከካሽ ቡክ ጋር ማስታረቅ የሚል ነው። የባንክ ማስታረቂያ መሥራት የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለሌለ ወደዚያ አልመለስም። ዋሌት ግን ከለመድነው የባንክ ሒሳብ የሚለይበት ነገር አለ። ባንክ አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎት ክፍያውን ለብቻው፣ በወር ጥቂት ጊዜ ይቆርጣል። ዋሌት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘብ በገባና በወጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል። አርባ ሽያጭ ካለ አርባ ጊዜ ተቆርጧል። እያንዳንዱ ተቀናሽ ሲታይ ኢምንት ስለሆነ ማንም ቫውቸር አይሠራለትም። በወሩ መጨረሻ ግን ካሽ ቡኩና ስቴትመንቱ አልገናኝ ይላሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የያዝነው አቋራጭ አለ። ዛሬ ልናገረው የመጣሁትም እሱን ነው። ደንበኛ 1,500 ብር ከፈለ እንበል። ዋሌቱ 15 ብር ኮሚሽን ቆርጦ 1,485 አስገባ። መዝገብ ያዡም ስቴትመንቱን አይቶ «ከሽያጭ 1,485 ገባ» ብሎ ይጽፋል። ሒሳቡ ገጠመ፤ ሁሉም ደስ አለው። ይህ ስህተት ነው፤ ስለገጠመም ማንም አይጠረጥረውም።

ምን እንዳበላሸ እንይ። ለደንበኛው የተቆረጠው ደረሰኝ 1,500 ይላል። መዝገቡ ግን የተቀበልነው 1,485 ነው ስላለ፣ ሽያጩ በዱቤ የነበረ ከሆነ ሰውዬው ከፍሎ ጨርሶ ሳለ በተሰብሳቢ ሒሳቡ ላይ 15 ብር ዕዳ ይቀርበታል። እንዲህ ያለ ቅሪት በየደንበኛው ስም ሥር ሲከማች፣ ማን በእርግጥ እንዳልከፈለ ማወቅ ያዳግታል። ሽያጩ የእጅ በእጅ ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ላይ ያለው ሽያጭ ከደረሰኞቹ ድምር ያንሳል፤ ኦዲተር ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ «ቀሪው ሽያጭ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መጠየቁም ተገቢ ነው። ከሁሉም በላይ ባለቤቱ በዓመት ስንት ለኮሚሽን እንደከፈለ የሚያይበት መስመር የለውም። ወጪው ሽያጩ ውስጥ ተቀብሯል።

ትክክለኛው ምዝገባ ቀላል ነው። ዋሌት ዴቢት 1,485፣ የኮሚሽን ወጪ ዴቢት 15፣ ሽያጭ ክሬዲት 1,500፤ በዱቤ ተሽጦ የነበረ ከሆነ በሽያጭ ፈንታ ተሰብሳቢ ክሬዲት 1,500። በየሽያጩ እንዲህ መጻፍ ከበዛባችሁ፣ ሽያጩን ሁሉ ሳይቀነስ በሙሉው ጻፉና ኮሚሽኑን በወሩ መጨረሻ ከስቴትመንቱ ደምራችሁ በአንድ ቫውቸር አስገቡ፤ የተቀናሾቹን ዝርዝር ከቫውቸሩ ጋር አያይዙ። ከሁለቱ የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ግን በወሩ መካከል አትቀይሩ። ግማሹ በመንገድ አንድ፣ ግማሹ በመንገድ ሁለት ከተጻፈ አንዱ ኮሚሽን ሁለት ጊዜ ይቀነሳል።

ይህን ለማድረግ ግን መጀመሪያ ስቴትመንቱ ኮሚሽኑን እንዴት እንደሚያሳይ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሽያጩን በሙሉው ያሳይና ከሥሩ በሌላ መስመር፣ በዚያው የግብይት ቁጥር፣ ተቀናሹን ይጽፋል። ሌላው የተጣራውን ብቻ በገቢ ዓምድ አስቀምጦ ኮሚሽኑን በጎን ዓምድ ያሳያል። የቀኑን ሁሉ ሰብስቦ ማታ አንድ ጊዜ የሚቆርጥም አለ። የዓምዱን ርዕስ ብቻ አትመኑ። ሙሉ መጠኑን በእርግጥ የምታውቁትን አንድ ሽያጭ ምረጡ፤ ከእሱ በፊት የነበረውን ቀሪ ሒሳብና ከእሱ በኋላ ያለውን ቀሪ ሒሳብ አቀናንሱ። ልዩነቱ 1,500 ከሆነ ኮሚሽኑ ሌላ መስመር ላይ አለ፣ ፈልጉት። 1,485 ከሆነ እዚያው ተቆርጧል። ቀሪ ሒሳቡ ዓምዱ የሚለውን ሁሉ የሚፈትን ምስክር ነው።

አሁን አንድ ወር ሙሉ እንሥራ። ዋሌቱ ወሩን በ8,000 ብር ጀመረ፤ በዚህ ካሽ ቡኩም ስቴትመንቱም ይስማማሉ። በወሩ ውስጥ ካሽ ቡኩ 60,000 ሽያጭ በሙሉው መዝግቧል፣ ለአቅራቢ 25,000 ከፍሏል፣ ወደ ባንክ 20,000 አዛውሯል። ስለዚህ የካሽ ቡኩ ቀሪ 23,000 ነው። ስቴትመንቱ ግን 18,870 ይላል። ልዩነቱ 4,130 ብር ነው።

ስቴትመንቱን መስመር በመስመር ስናነብ የሚገኘው ይህ ነው። የገባው ሽያጭ 58,000 ብቻ ነው፤ ኮሚሽኑም አንድ በመቶ፣ 580 ብር ተቆርጧል። ለአቅራቢው ሲላክ 30፣ ወደ ባንክ ሲዛወር 20 ተቆርጧል። ስለዚህ የተቀናሾቹ ድምር 630 ነው። በተጨማሪ አንድ ደንበኛ ዕቃ መልሶ 1,500 ብሩ ተመልሶለታል፤ ይህ ካሽ ቡክ ውስጥ ጨርሶ አልተጻፈም። የቀረው 2,000 ደግሞ በወሩ የመጨረሻ ቀን ማታ የተሸጠ ነው። ካሽ ቡኩ በዚያው ቀን ጽፎታል፤ ዋሌቱ ግን ያስገባው በማግስቱ፣ በአዲሱ ወር ነው። 630፣ 1,500 እና 2,000 ሲደመሩ 4,130 ይሆናሉ።

ቀጥሎ ሦስቱን ሳንለይ በአንድ ሙቀጫ አንወቅጣቸውም። 630ው ወጪ ስለሆነ ካሽ ቡክ ውስጥ ይመዘገባል። 1,500ው የሽያጭ ተመላሽ ሆኖ ይመዘገባል፤ የመጀመሪያውን ሽያጭ መሰረዝ አይገባም፣ ሁለቱም ግብይቶች በእርግጥ ተደርገዋልና። 2,000ው ግን ምንም አይመዘገብበትም። ካሽ ቡኩ ትክክል ነው፤ የዘገየው ዋሌቱ ነው። እሱ የሚጻፈው በማስታረቂያው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ካሽ ቡኩ 23,000 ሲቀነስ 630 ሲቀነስ 1,500፣ 20,870 ይሆናል። ስቴትመንቱም 18,870 ሲደመር 2,000፣ 20,870 ይሆናል። ታረቁ።

በዚያ ተመላሽ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 1,500ው ሲመለስ በመጀመሪያው ሽያጭ ላይ የተቆረጠው 15 ብር አልተመለሰም። አንዳንዱ አገልግሎት ይመልሳል፣ አንዳንዱ አይመልስም፤ ስቴትመንቱ ላይ 15 ብር ተመልሶ የገባበት መስመር መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ከተመለሰ የኮሚሽን ወጪውን ይቀንሳል እንጂ ሽያጭ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ብዙ ቢሮ ውስጥ የሚሠራውን ልንገራችሁ። 4,130 ልዩነት ታየ። ወሩ ሊዘጋ ነው፤ አለቃ ሪፖርት ይጠብቃል። መዝገብ ያዡ አንድ ጆርናል ይሠራል፤ «የዋሌት አገልግሎት ክፍያ 4,130»። ተዘጋ! ጓዶች፣ ይህ ማስታረቅ አይደለም፤ ይህ ልዩነትን ስም አውጥቶ መቅበር ነው! እውነተኛው ክፍያ 630 ነበር። የደንበኛው ተመላሽ ጠፋ፤ የተመለሰው ዕቃ እንደተሸጠ ሆኖ መዝገቡ ላይ ቀረ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ያ የዘገየው ገንዘብ ዋሌቱ ውስጥ ሲገባ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ትርፍ ሆኖ ይታያል፤ ያኔ እሱንም ሌላ ጆርናል ይቀብረዋል። ስልኩን የያዘ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት መቶ ሁለት መቶ ቢያወጣ በዚህ አሠራር ማን ያውቅበታል? «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለው መስመር ያልተገኘ ነገር ሁሉ የሚወረወርበት ጉድጓድ ከሆነ፣ ሌባ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አይፈልግም! በዚያ መስመር ላይ የግብይት ቁጥር የሌለው አንዲት ብር እንኳ መግባት የለባትም።

መፈተሻውም ከባድ አይደለም። የሽያጭ ኮሚሽኑን ለሽያጩ አካፍሉት። በምሳሌያችን 580 ለ58,000 ሲካፈል አንድ በመቶ ይመጣል፤ ከውሉ ጋር ይስማማል። 4,130 ለ58,000 ብትሉ ከሰባት በመቶ በላይ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ሰው በመካከላችን የለም። ጥቂት ሳንቲም ብትዛነፉ አትደንግጡ፤ ኮሚሽኑ በየግብይቱ እየተጠጋጋ ስለሚቆረጥ የጠቅላላው አንድ በመቶ ከመስመሮቹ ድምር በሳንቲም ሊለይ ይችላል። የምትመዘግቡት የመስመሮቹን ድምር ነው። ለማስተላለፊያ ክፍያ ግን ይህ መፈተሻ አይሠራም፤ እሱ ብዙ ጊዜ በእርከን ነው የሚቆረጠው፣ ከዚህ እስከዚህ ይህን ያህል እየተባለ። ያን ከታሪፉ ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሩት።

በኮምፒውተር ለምታስታርቁ፣ ሁለቱን ዝርዝር በግብይት ቁጥር እንጂ በመጠን አታገናኙ። አንድ ዓይነት መጠን በቀን አምስት ጊዜ ሊገባ ይችላል። ቁጥሩን ወደ ኤክሴል ስታስገቡ በሁለቱም ዝርዝር ዓምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት፤ ኤክሴል ከ15 አኃዝ በላይ አይዝም፣ የቀሩትን ወደ ዜሮ ይለውጣቸዋል፤ ከፊት ያለ ዜሮም ይጥላል። ጽሑፍ ካደረጋችሁትም በኋላ COUNTIF ረጅም ቁጥሮችን እንደ ቁጥር ስለሚያነጻጽር የተለያዩትን አንድ ናቸው ሊላችሁ ይችላል። ይህኛው አያሳስትም፤ የስቴትመንቱ የግብይት ቁጥር B2 ላይ፣ የካሽ ቡኩ ደግሞ Book በሚባለው ገጽ A ዓምድ ላይ ሲሆን፦

```
=ISNUMBER(MATCH(TRIM(B2),Book!A:A,0))
```

FALSE ያለው ሁሉ ካሽ ቡክ ውስጥ የሌለ ነው። ከዚያ በተቃራኒው፣ ከካሽ ቡኩ ወደ ስቴትመንቱም አድርጉት፤ የዘገየው 2,000 የሚገኘው በዚህኛው በኩል ነው።

የቀሩኝን ሁለት ነገሮች በአጭሩ ልበል። ላኪው ራሱ ክፍያውን ከከፈለ ወደ እናንተ ሙሉው ይገባል፤ ደንበኛው «እኔ 1,515 ነው የወጣብኝ» ቢል 15ቱ የእናንተ ሒሳብ አይደለም፣ አትመዝግቡት። ሌላው የዓመቱ መዝጊያ ነው። ያ የዘገየው 2,000 በማግስቱ ሲገባ 1,980 ሆኖ ነው የሚገባው። በተራ ወር 20 ብሩን በቀጣዩ ወር መመዝገብ ብዙ አይጎዳም። ዓመቱ ሲዘጋ ግን ሽያጩ በዚህ ዓመት ተጽፎ ኮሚሽኑ ወደ ሚቀጥለው ዓመት እንዳያልፍ፣ 20 ብሩን አሁን ወጪ አድርጉ። ያኔ ካሽ ቡኩ 20,850 ይሆናል፤ በማስታረቂያው ላይ የሚጨመረውም 2,000 ሳይሆን 1,980 ነው።

ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ሰው ስቴትመንቱን ይዞ ይምጣ፤ እዚሁ ከፊት ወንበር ላይ አብረን እናየዋለን።