ቆጠራው ከመጨረሻው ጉርሻ ነው

ውድ እናቶች፣ እህቶቼ፣ አብራችሁ የመጣችሁ ባሎችና አማቶች፣ አባቶች ካህናት፣ እንደምን አደራችሁ?

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሁዳዴ አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ባሏ ደግፏት መጣች። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ዓይኗ ጭልም ብሎባት ወድቃለች። "ስንት ሰዓት ጾምሽ?" አልኳት። "ገና ስድስት ሰዓት እኮ ነው፣ ምኑን ጾምኩት?" አለችኝ።

አብረን ቆጠርን። የመጨረሻ የበላችው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። እስከ ቀኑ ስድስት 16 ሰዓት ሆኗል። እስከ ዘጠኝ ብትቆይ 19 ሊሞላት ነው። እሷ የቆጠረችው ከጠዋት ጀምሮ ነበር። ለጽንሱ ግን ቆጠራው ከመጨረሻው ጉርሻ ነው። ሌሊትም ቢሆን ከእናቱ ደም ስኳር ይወስዳልና የነፍሰ ጡር ስኳር ከሌላው ሰው ቀድሞ ይወርዳል።

ውሃም አልጠጣችም። ሽንቷ ጠላ መስሏል፣ ሆዷ ጠንከር ላላ ይላል። ውሃ ሲያንስ ማህፀን ያለጊዜው ሊኮማተር ይችላል። ጠጥታ፣ ቀምሳ፣ በግራ ጎኗ ተኛች። ቆይቶ ሆዷ ላላ፣ ልጁም ተራገጠ። ያኔ ነው እኔም የተነፈስኩት።

በማግስቱ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። ጠዋት እንድትበላ ፈቀዱላት። ከሥጋና ከወተት መከልከሏን አልተወችም፣ የተወችው ሰዓቱን ብቻ ነው። ጠዋት የአጃ አጥሚት፣ ቀን እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ ወደ ማታ በሶ ወይም ተልባ፣ ከዚያ እራት። በየመሀሉ ውሃ። ነፍሰ ጡር ከወትሮው አንድ ማዕድ መጨመር አለባትና ይህ ለእሷ ትርፍ አይደለም።

የደም ማነስ፣ የስኳር ወይም የግፊት በሽታ ያለባት፣ መንታ ያረገዘች ግን ሰዓት መቆየት የለባትም። ደሟ ያነሰ ሴት ለንስሐ አባቷ ትንገር፣ እንቁላልና ወተትም ሊፈቀድላት ይችላል። የደም እንክብሉንም እስከ ዘጠኝ አታቆዩት። ከቡና ጋር አትውሰዱት፣ ቡና ብረቱ ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ይይዘዋል።

ሙስሊም እህቶቼ፣ በተለይ ሸዋ ሮቢት ቆላ ያላችሁ፣ በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መዋል ከባድ ነው። ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር አፍጥራ በኋላ ቀዷ ማውጣት ትችላለች። ኢማማችሁን ጠይቁ።

የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ በግራ ጎን ተኝታችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ፣ ሆድ በየጊዜው ከጠነከረ፣ ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰ፣ ዘጠኝ ሰዓትን አትጠብቁ። ወዲያው ኑ፣ ሌሊትም ቢሆን።